ራውተራችሁ በየቀኑ ይደርቃል? ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ የምናወራው ስለ አሮጌ ራውተር ነው። መነሻችን የራሳችን ጥፋት ነው።

ከሐኪም ጋራ ግርጌ የምንሠራባት ክፍል ኔቷን የምትጋራው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ከምትሠራ ጎረቤታችን ጋር ነው። አንድ ቀን ሦስት ወጣቶች የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ሊያስገቡ ቤቷ ወረፋ ይዘዋል። የመጨረሻው ቀን ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ራውተሩ ድርቅ አለ። እኛም እንረዳለን ብለን መርፌ አምጥተን ከኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ ተጫንን። ኔቱ በዚያው ቀረ። ሁለቱ ልጆች ሌላ ቤት ሮጠው ደረሱ፣ አንዱ ግን ሰዓቱ አመለጠው።

የሆነው ይህ ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት (ሪስታርት) የተጨናነቀውን ማኅደረ ትውስታ ብቻ ያጸዳል። ቀዳዳዋን ተጭኖ መያዝ (ሪሴት) ግን ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ ይጠፋል። በመዳብ የስልክ መስመር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መስመሩ የሚከፈትበት የአካውንት ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እኛ ያ የተጻፈበትን ወረቀት አላስቀመጥንም ነበር። ከሁሉም የሚያስቆጨው፣ ሪሴት ሙቀትንም ሆነ ያረጀ ዕቃን አይፈውስም። የሚጠቅመው ሴቲንጉ ሲበላሽ ወይም ፓስዎርድ ሲረሳ ነው።

ከዚያ በኋላ በደንብ ለመመርመር ወሰንን። ሕጋችን አንድ ነበር፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

መጀመሪያ፦ ጥፋቱ የራውተሩ ነው ወይስ የመስመሩ?

ኔት ሲቆም ራውተሩን ሳታጠፉ፣ ከዋይፋዩ እንደተገናኛችሁ በስልካችሁ ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ጻፉ። አድራሻው በአንዳንዱ ራውተር ይለያል፣ ከታች በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። የራውተሩ ገጽ ከተከፈተ ራውተሩ በሕይወት አለ፣ ችግሩ ከእሱ ወዲያ ነው። ገጹ ካልተከፈተ፣ መብራቶቹ በርተው እንኳ ቢሆን፣ የደረቀው ራውተሩ ራሱ ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው በኬብል አገናኝቶ እነዚህን በሁለት መስኮት ቢያስኬድ ይበልጥ ግልጽ ይሆንለታል፦

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

የላይኛው እየመለሰ የታችኛው ብቻ ከቆመ መስመሩን ጠርጥሩ። ሁለቱም አንድ ላይ ከቆሙ ራውተሩን።

ኔቱ ሄዶ በራሱ ጊዜ ከተመለሰ ደግሞ በራውተሩ ገጽ ላይ Uptime የሚለውን እዩ። ራውተሩ ከበራ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራል። ማንም ሳይነካው፣ መብራትም ሳይጠፋ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ካሳየ ራውተሩ በራሱ እየጠፋ እየበራ ነው። ቀናት ካሳየ ግን የተቆረጠው መስመሩ ነው። መስመር ከሆነ አዲስ ራውተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 ደውሎ ያስመዝግብ።

እኛ ለሦስት ቀን ሰዓቱን በደብተር ያዝን። አምስት ጊዜ ቆመ። በአምስቱም መብራቱ በርቶ ገጹ አልተከፈተም። ስለዚህ መስመሩ ነጻ ወጣ።

ሁለተኛ፦ ሙቀት

ሐረር እንደ ድሬዳዋ የምታቃጥል ከተማ አይደለችም። አብዛኛው የቤት ራውተር የሚሠራው የአካባቢው አየር እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ ነው፣ የእኛ ክፍል አየር ደግሞ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ታዲያ ምን አሞቀው? የእኛው ራውተር ቦታ እንደ ጌ ጋር ቤቶች ግድግዳው ውስጥ በገባች መደርደሪያ ነበር፣ ከቴሌቪዥኑ ዲኮደር ጎን፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ለብሶ። በሦስት በኩል ግድግዳ፣ ከላይ ጨርቅ። የራሱን ሙቀት መልሶ ይተነፍሳል ማለት ነው።

አቧራውን ጠርገን፣ ጨርቁን ጥለን፣ ግልጽ ቦታ ላይ አቆምነው። በአራት ቀን አራት ጊዜ ቆመ። ተሻሽሏል፣ ግን አልዳነም።

እዚህ ላይ ብዙዎች ማራገቢያ ይገዛሉ። ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን ሙቀት የሚተወው ጉዳት አለ። በውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያረጋጉ ካፓሲተር የሚባሉ ትናንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች አሉ። በግምት ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። ለዓመታት ታፍኖ የኖረ ራውተር አየር ስላገኘ ብቻ ወጣት አይሆንም።

ሦስተኛ፦ አዳፕተሩ

ይቺን ሳትሞክሩ ራውተር አትቀይሩ። ያረጀ አዳፕተር ሥራ ሲቀል ይበቃል፣ ብዙ ስልክ ሲገናኝና ራውተሩ ብዙ ኃይል ሲፈልግ ቮልቱ ይወርዳል። መብራቱ እንደበራ ራውተሩ ይደርቃል ወይም ራሱን ያጠፋል። በቮልት መለኪያ ብቻ አትመኑ፤ ከራውተሩ ነቅላችሁ ስትለኩት ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የሚሻለው ሌላ ተውሶ መሞከር ነው። ቮልቱ በራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር ፍጹም አንድ መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ሥዕልም ይግጠም። የእኛ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ይላል። 9 ቮልቱን በ12 መተካት ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ተውሰን ሦስት ቀን ሞከርን። ሦስት ጊዜ ቆመ። አዳፕተሩም ነጻ ወጣ።

እንግዲህ መቼ ነው የሚቀየረው?

መስመሩ ነጻ ከሆነ፣ አየር ካገኘ፣ አዳፕተር ከተቀየረለት በኋላም በየቀኑ የሚደርቅ ከሆነ ይቀየር። ሌላው ምልክት ሪስታርት የሚያቆይበት ጊዜ ማጠሩ ነው። የእኛው ሰባት ዓመት አገልግሏል፤ መጀመሪያ አንዴ ሲጠፋ ሲበራ ሳምንት ይቆይ ነበር፣ በኋላ ሁለት ቀን፣ በመጨረሻ አንድ ቀንም አልሞላ። የቃጠሎ ሽታ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ወይም ያበጠ አዳፕተር ካያችሁ ግን ምርመራ የለም፣ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት።

ከመግዛታችሁ በፊት መስመራችሁን እወቁ። የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ ADSL የሚል የስልክ ገመድ መግቢያ ያለው ይፈልጋል። ፋይበር ከሆነ ቀጭኑ የፋይበር ገመድ የሚገባበትን ሳጥን በራሳችሁ አትቀይሩ፣ አገልግሎት ሰጪውን ጠይቁ። በእሱ ላይ LOS የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃን እየደረሰው አይደለም፣ ያ የመስመር ጉዳይ ነው።

እኛ አዲሱን በዚያው መስመር፣ በዚያው ግልጽ ቦታ ላይ አስቀመጥነው። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አንድም ቀን አልደረቀም። የአካውንቱን ስምና የይለፍ ቃል ደግሞ ጎረቤታችን ወረቀት ላይ ጽፋ ከንግድ ፈቃዷ ጋር አስቀምጣዋለች። እናንተም ዛሬውኑ ጻፉት፣ ኔቱ እየሠራ ሳለ።