የዋጋ ልዩነት ውልና የአዳር የፋይናንስ ወጪ፦ አብዛኞቹ ግለሰብ ደንበኞች ገንዘብ የሚያጡበት ምክንያት

የዋጋ ልዩነት ውል፣ በምህጻር ስሙ ሲ.ኤፍ.ዲ.፣ በአውሮፓ አገራት በስልክ መተግበሪያዎች አማካይነት ለግለሰቦች በስፋት የሚቀርብ የፋይናንስ ውል ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን ውል ለመጀመር ያሰቡ ወይም የጀመሩ ዜጎች ወጪውን፣ በተለይም በየሌሊቱ የሚታሰበውን ክፍያ፣ አስቀድመው ማስላት እንዲችሉ ነው።

የዋጋ ልዩነት ውል ምንድን ነው?

በዚህ ውል ደንበኛው አክሲዮኑን፣ ወርቁን ወይም የውጭ ገንዘቡን አይገዛም። ከአቅራቢው ድርጅት ጋር የሚዋዋለው ውሉ በተከፈተበትና በተዘጋበት ጊዜ መካከል የሚኖረውን የዋጋ ልዩነት ለመከፋፈል ብቻ ነው። ዋጋው ደንበኛው በገመተው አቅጣጫ ከሄደ ልዩነቱን ይቀበላል፤ በተቃራኒው ከሄደ ይከፍላል። በመሆኑም የአክሲዮን ባለቤትነትም ሆነ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ድምፅ የመስጠት መብት አያገኝም።

ደንበኛው የውሉን ሙሉ ዋጋ እንዲያስይዝ አይጠየቅም። በአውሮፓ ኅብረት አገራት ደንብ መሠረት በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ለሚደረግ ውል የሚጠየቀው ዝቅተኛ መያዣ የውሉ ዋጋ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ 2,000 ዩሮ ያስያዘ ሰው የ10,000 ዩሮ ውል መክፈት ይችላል። ትርፉም ኪሳራውም የሚሰላው ግን በ10,000 ዩሮው ላይ ነው።

የአዳር ወጪ እንዴት ይሰላል?

ውሉ በተከፈተበት ዕለት ካልተዘጋና ካደረ፣ አቅራቢው የፋይናንስ ወጪ ያስከፍላል። ይህም በመርሕ ደረጃ የብድር ወለድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በገበያው የማጣቀሻ ወለድ ላይ የድርጅቱን ተጨማሪ በማከል ነው። ለምሳሌ የማጣቀሻው ወለድ 3 በመቶ፣ የድርጅቱ ተጨማሪም 3 በመቶ ቢሆን፣ ዓመታዊው ወጪ 6 በመቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ጉዳይ ወለዱ የሚታሰበው ደንበኛው ባስያዘው ገንዘብ ሳይሆን በውሉ ሙሉ ዋጋ ላይ መሆኑ ነው። በ10,000 ዩሮ ላይ 6 በመቶ በ365 ቀናት ሲካፈል ለአንድ ሌሊት 1.64 ዩሮ ገደማ ይሆናል። መጠኑ ትንሽ ስለሚመስል ብዙዎች አያስተውሉትም። ውሉ ለአንድ ዓመት ቢቆይ ግን 600 ዩሮ ይደርሳል፤ ይህም ከተያዘው 2,000 ዩሮ 30 በመቶው ነው።

ዋጋ ይወርዳል ብሎ የሸጠ ደንበኛ በአንጻሩ የማጣቀሻው ወለድ ሊታሰብለት ይችላል፤ የድርጅቱ ተጨማሪ ግን ይቀነስበታል። በላይኛው ምሳሌ 3 ከ3 ሲቀነስ የሚያገኘው ምንም አይኖርም፤ የማጣቀሻው ወለድ ከተጨማሪው ሲያንስ ደግሞ እሱም ከፋይ ይሆናል። የቅዳሜና የእሑድ ወጪም አይቀርም። በውጭ ምንዛሪ ውሎች ላይ ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ሌሊት የሦስት ሌሊት ክፍያ በአንድ ጊዜ ይታሰባል።

በምሳሌ ሲታይ

አንድ ደንበኛ 2,000 ዩሮ አስይዞ፣ የአንዱ ዋጋ 100 ዩሮ በሆነ አክሲዮን ላይ የ100 አክሲዮኖች ውል ከፈተ እንበል። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል የ20 ሳንቲም ልዩነት ቢኖር፣ ውሉ እንደተከፈተ ሒሳቡ 20 ዩሮ ይጎድላል። ደንበኛው አክሲዮኑ እንደሚጨምር በማመን ውሉን ለ90 ሌሊት አቆየው። በዚህ ጊዜ የአዳር ወጪው 148 ዩሮ ደርሷል። የአክሲዮኑ ዋጋ ምንም ባይለወጥም በሒሳቡ የቀረው 1,832 ዩሮ ነው።

የአውሮፓ ደንብ በሒሳቡ ያለው ገንዘብ ከሚፈለገው መያዣ ግማሽ በታች ሲወርድ አቅራቢው ውሉን እንዲዘጋ ያስገድዳል። በዚህ ምሳሌ ወሰኑ 1,000 ዩሮ ነው። በ91ኛው ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ 91 ዩሮ ወረደ፤ ተጨማሪው ኪሳራ 900 ዩሮ ስለሆነ በሒሳቡ የቀረው 932 ዩሮ ሆነና ውሉ ተዘጋ። ደንበኛው 1,068 ዩሮ አጣ። የአዳር ወጪው ባይኖር ኖሮ 1,080 ዩሮ ይቀረው ስለነበር ውሉ አይዘጋም ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ አክሲዮኑ 105 ዩሮ ቢደርስ ለዚህ ደንበኛ የሚጠቅመው ነገር የለም። በዚያው 2,000 ዩሮ 20 አክሲዮኖችን በቀጥታ የገዛ ሰው ግን፣ የግዢ ወጪው ሳይቀነስ፣ 100 ዩሮ አትርፏል። ሁለቱም ስለ ዋጋው አቅጣጫ ትክክል ነበሩ፤ የለያያቸው መጠበቅ መቻልና አለመቻል ነው። የአዳር ወጪ በየሌሊቱ ገንዘብ ከመቀነሱም በላይ፣ ውሉ በግዴታ የሚዘጋበትን ዋጋ በየቀኑ ወደ ደንበኛው ያቀርባል።

አብዛኞቹ የሚከስሩት ለምንድን ነው?

የአውሮፓ የዋስትና ሰነዶችና ገበያዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ በኅብረቱ አገራት ከግለሰብ ደንበኞች ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ይከስራሉ። አማካይ ኪሳራውም ለአንድ ደንበኛ ከ1,600 እስከ 29,000 ዩሮ ነበር።

ውሉ ራሱ አዲስ ሀብት አያፈራም። አንዱ ወገን የሚያገኘው ሌላው የሚያጣውን ነው፤ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ሌላው ወገን ራሱ አቅራቢው ነው። ከዚህ ላይ ወጪ ሲቀነስ የደንበኞች አማካይ ውጤት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ወጪውን ለማሸነፍ ውሉን የሚያስረዝም የአዳር ክፍያው ይበላዋል፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ደግሞ የመግዣና የመሸጫ ልዩነቱን ደጋግሞ ይከፍላል።

ውል ከመክፈትዎ በፊት ሊያጣሯቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. በመገበያያ ሠሌዳው ላይ Swap long እና Swap short በሚሉ ስሞች የተቀመጡትን የአዳር ክፍያዎች ይመልከቱ። ውሉን ለማቆየት ባሰቡት ሌሊት ብዛት አባዝተው ካስያዙት ገንዘብ ጋር ያነጻጽሩ።

2. ወለድ አልባ ተብሎ የሚቀርብ ሒሳብ ያለ ወጪ ነው ማለት አይደለም። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ የሚጀምር የአስተዳደር ክፍያ ወይም የሰፋ የመግዣና የመሸጫ ልዩነት ሊኖረው ስለሚችል ውሉን ያንብቡ።

3. በአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ ያለው አቅራቢ ከግለሰብ ደንበኞቹ ሒሳቦች ስንት በመቶው እንደሚከስሩ በማስታወቂያው ላይ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ቁጥሩን ፈልገው ያንብቡ።

4. ኪሳራዎ በሒሳብዎ ካለው ገንዘብ እንዳይበልጥ ጥበቃ መኖሩን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ለፍራንክ ያስቀመጠውን የምንዛሪ ወሰን በድንገት ሲያነሳ፣ ጥበቃው ያልነበራቸው ደንበኞች ያስያዙትን ከማጣታቸው በላይ ባለዕዳ ሆነዋል። ዛሬ ይህ ጥበቃ በኅብረቱ አገራት ደንብ ለግለሰብ ደንበኞች ግዴታ ነው፤ ሒሳቡ ከኅብረቱ ውጭ ባለ ድርጅት ከተከፈተ ወይም ደንበኛው በባለሙያ ደረጃ ለመመዝገብ ከተስማማ ግን ይህ ዋስትና ላይኖር ይችላል።