የሦስት ቀን የሐረር ጉዞ በስምንት ስላይድ፦ ሰዓቱና ወጪው እንዴት ይጻፋል?

በቴሌግራምና በኢንስታግራም የጉዞ መርሐ ግብር በካሩሰል፣ ማለትም በጣት እየተገፉ በሚታዩ ተከታታይ ምስሎች፣ ማቅረብ ተለምዷል። ፎቶው ያማረ ቢሆንም ተጓዡን የሚጠቅመው ከሥሩ ያለችው ትንሽ ማስታወሻ ናት፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ብር ይወስዳል? ለጉዞ አዘጋጆችም ሆነ ቤተሰብ ይዘው ለሚሄዱ እንዲያገለግል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚደረግ ጉዞን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ምሳሌ አድርገን ማስታወሻዋ እንዴት እንደምትዘጋጅ እናያለን።

አንድ የቴሌግራም አልበም እስከ 10 ምስል ስለሚይዝ ስምንት ስላይድ ይበቃል።

ስላይድ 1፦ ሽፋን። መነሻ ከተማ፣ ቀናቱ፣ ሒሳቡ ለስንት ሰው እንደተሠራ እና ዋጋው የተጣራበት ቀን ይጻፉበታል። ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዷን ምስል ብቻ ነጥለው ስለሚልኩ፣ የሰው ቁጥርና የማጣሪያ ቀን በእያንዳንዱ ስላይድ ግርጌ በአንድ መስመር ይደገማሉ።

ስላይድ 2፦ ሐሙስ ጠዋት፣ ጉዞ። እዚህ የሚፈጸመው ስህተት «በረራ 1 ሰዓት» ብሎ ማለፍ ነው። በረራው የሚያርፈው ሐረር ሳይሆን ድሬዳዋ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ አለ። በረራው ጠዋት 1:00 ቢሆን ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ አውሮፕላን ማረፊያ መድረሻ ከሌሊቱ 11:00፣ ማረፊያ 2:00፣ ሻንጣ ይዞ መውጫ 2:30፣ ሐረር መግቢያ 4:00። ስለዚህ ማስታወሻው «በአጠቃላይ 5 ሰዓት» ይላል። የፈጅር ሶላትም በዚሁ መሐል ስለሚውል፣ የት እንደሚሰገድ አስቀድሞ ይታሰብበታል። በተጨማሪ ትኬቱ ላይ 07:00 ተብሎ የታተመው በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 1:00 ነው። በተለይ ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖች እንዳይሳሳቱ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለው ቃል ከሰዓቱ ጎን ይገባል።

ስላይድ 3፦ ሐሙስ ከሰዓትና ማታ። ሌሊት ለተነሳ ሰው እስከ ዐስር ዕረፍት፣ ከዐስር በኋላ በፈረስ መጋላ አካባቢ አጭር ዙር፣ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት። ለጅቡ ትርዒት የሚከፈለውንና ለመኪናው የሚከፈለውን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ በነፍስ ወከፍ፣ ሌላው በቡድን ሊሆን ይችላልና።

እዚህ ላይ የሶላት ሰዓትን የሚመለከት ጥንቃቄ አለ። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ስለምትገኝ ፀሐይ በግምት 13 ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች፤ ቀድማም ትጠልቃለች። የአዲስ አበባን የሶላት ሰሌዳ ገልብጦ በስላይዱ ላይ መለጠፍ ለመግሪብ መዘግየትን ብቻ ያመጣል። ለጾመኛ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው፤ በአዲስ አበባው ሰሌዳ ሱሁር የሚበላ ሰው ሐረር ላይ ፈጅር ከገባ በኋላ እየበላ ሊገኝ ይችላል። ስልካችሁ ቦታውን መቀየሩን አረጋግጡ፤ በስላይዱ ላይም «በሐረር ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ።

ስላይድ 4፦ ዓርብ ጠዋት። ሸሪፍ ሙዚየም፣ ቀጥሎም አንድ የአደሬ ቤት። ሙዚየሙ በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ውስጥ ያለ ሲሆን ጥንታዊ የቁርኣን ቅጂዎችና ሳንቲሞች ይታዩበታል። ጊዜ፦ ከ2:30 እስከ 5:00። ዓርብ በመሆኑ የመዝጊያ ሰዓቱን በዋዜማው ጠይቁ። ወጪ፦ መግቢያ በነፍስ ወከፍ፣ አስጎብኚ በቡድን።

ስላይድ 5፦ ጁሙዓ እና ጀጎል። ከ5:00 እስከ 8:00 ምንም ጉብኝት አይያዝም። ሰዓቱ ለውዱእ፣ በታላቁ ጀሚዕ መስጂድ ለጁሙዓና ለምሳ ነው። ከዚያ በኋላ የአሚር ኑርና የሼህ አባድር መካናት፣ የመኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድና በሮቹ ይታያሉ። ዩኔስኮ በ2006 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ጀጎል 82 መስጂዶች አሏት። ሁሉን በአንድ ከሰዓት ለማዳረስ ከመሮጥ ይልቅ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሁለቱን፣ ለምሳሌ ሸዋ በርንና ቡዳ በርን፣ መምረጥ ይሻላል። ወጪ፦ ከጠዋቱ አስጎብኚ ጋር የሙሉ ቀን ስምምነት ከተደረገ እዚህ ላይ «በስላይድ 4 የተከፈለ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለበለዚያ አንባቢው ሁለት ጊዜ ይደምረዋል።

ስላይድ 6፦ ቅዳሜ ጠዋት። ከሐረር 1:00 መነሻ፣ ድሬዳዋ 2:30፣ ቀፊራ ገበያ እስከ 5:00። ድሬዳዋ ከሐረር ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ከሰዓት በኋላ ሙቀቷ ይበረታል፤ ልጆችና አረጋውያን ካሉ ገበያው ለጠዋት መሆኑ ግድ ነው።

ስላይድ 7፦ ምሳ፣ ዙሁርና መመለሻ። ከበረራው ሁለት ሰዓት በፊት አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያስፈልጋል። ማስታወሻው መነሻውን ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ ቤት የሚደረስበትንም ሰዓት ይይዛል።

ስላይድ 8፦ ድምር። ብዙ ካሩሰል የሚበላሸው እዚህ ነው። «ለአንድ ሰው ይህን ያህል» ሲባል ቁጥሩ የተገኘው ለስንት ሰው ተካፍሎ እንደሆነ አይታወቅም። ወጪ ሦስት ዓይነት ነው፦ በነፍስ ወከፍ (ትኬት፣ ምግብ፣ መግቢያ)፣ በቡድን (ኮንትራት መኪና፣ አስጎብኚ) እና በክፍል (አልጋ)። የመጀመሪያው የሰው ቁጥር ቢቀየርም አይለወጥም፤ ሁለቱ ግን ይለወጣሉ።

ለስሌት ማሳያ ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ሳይሆን፣ እንዲህ እንበል፦ መኪና ለአንድ ጉዞ 3,600 ብር፣ አስጎብኚ ለአንድ ቀን 2,000፣ ሁለት ሰው የሚያድርበት ክፍል ለአንድ ሌሊት 2,400።

አራት ሆነው ሲሄዱ እያንዳንዱ ለመኪና ደርሶ መልስ 1,800፣ ለአስጎብኚ 500፣ ለሁለት ሌሊት አልጋ 2,400 ይከፍላል፤ ድምሩ 4,700 ነው። ባልና ሚስት ብቻ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው መኪናው 3,600፣ አስጎብኚው 1,000፣ አልጋው ያው 2,400 ሆኖ 7,000 ይደርሳል። ብቻውን የሚሄድ ደግሞ 7,200፣ 2,000 እና 4,800፣ በድምሩ 14,000 ይከፍላል። ጉዞው አንድ ሆኖ ሳለ ወጪው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የመጨረሻው ስላይድ አንድ ቁጥር ሳይሆን «በ4 ሰው፣ በ2 ሰው፣ በ1 ሰው» የሚሉ ሦስት መስመሮች ይኑሩት፤ የነፍስ ወከፉ ወጪ በሦስቱም ላይ እኩል ይደመራል።

ከድምሩ ሥር ያልተካተቱት ይዘርዘሩ፦ ስጦታና የስፌት ዕቃ ግዢ፣ ሰደቃ፣ ጉርሻ። ዋጋው የተጣራው በተራ ሳምንት ከሆነም ይጠቀስ። ከሸዋል ስድስት ቀን ጾም በኋላ በሚከበረው የሹዋሊድ በዓል ከተማዋ በእንግዳ ስለምትሞላ፣ በተራ ሳምንት በተጣራ የአልጋ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ መነሳት አያዋጣም።