የወር መጨረሻ ሂሳብ አዘጋግ በኢአርፒ

'''የወር መጨረሻ ሂሳብ መዝጊያ''' አንድ ድርጅት በወሩ ውስጥ ያገኘውን ገቢና ያወጣውን ወጪ አጠቃሎ፣ መዝገቡን አስታርቆ፣ በዚያ ወር ላይ ሌላ ምዝገባ እንዳይገባ የሚያግድበት ሥራ ነው። ኢአርፒ በሚባሉት የድርጅት አስተዳደር ሶፍትዌሮች (ለምሳሌ ሳፕ፣ ኦራክል፣ ኦዱ) ውስጥ ይህ ሥራ የሚሠራው በፋይናንስ ሞጁል ነው። አብዛኛው ደረጃ በፕሮግራም የሚሄድ ቢሆንም '''አክሩዋል''' (ኢንቮይሱ ገና ያልደረሰ፣ ነገር ግን የተጠራቀመ ወጪ) የተባለው ክፍል በተደጋጋሚ ይዘነጋል። ይህ ጽሑፍ የአዘጋጉን ቅደም ተከተልና የመዘንጋቱን ምክንያት ያብራራል።

== የአዘጋጉ ቅደም ተከተል ==

ኢአርፒ ውስጥ እያንዳንዱ የሂሳብ ወር «ፔሬድ» ይባላል። ፔሬድ ክፍት ወይም ዝግ ሊሆን ይችላል፤ በዝግ ፔሬድ ላይ መመዝገብ የሚሞክር ሰው ሲስተሙ ይመልሰዋል። የፔሬዱ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አስቀድሞ ይሞላል። በኢትዮጵያ በጀት ዓመት (ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30) የሚሠራ ድርጅት የወሮቹን ማብቂያ በጎርጎርዮስ ቀን ማስገባት ይኖርበታል። ጳጉሜን ለብቻ ፔሬድ ካልተሰጣት ከነሐሴ ጋር ትጠቃለላለች። ጳጉሜ 6 ቀን በሚሆንባት ዓመት ከመስከረም እስከ ጥር ያሉት ማብቂያ ቀኖች በአንድ ቀን ስለሚገፉ ሠንጠረዡ በየዓመቱ መታየት አለበት።

ሥራው በተለምዶ ከንዑስ መዝገቦች ወደ ዋና መዝገብ ይሄዳል። መጀመሪያ መጋዘኑ የወሩን የዕቃ ገቢና ወጪ ጨርሶ ይመዘግባል፤ በሳፕ የመጋዘኑ ፔሬድ በ `MMPV` ወደ አዲሱ ወር ይሻገራል። ከዚያ የአቅራቢዎችና የደንበኞች ኢንቮይሶች ይጠናቀቃሉ፤ የቋሚ ንብረት የእርጅና ተቀናሽም በ `AFAB` ይሰላል። ቀጥሎ የሂሳብ ባለሙያዎች አክሩዋሎችን ይመዘግባሉ፤ በውጭ ምንዛሪ የተያዙ ቀሪ ሂሳቦችን በወሩ መጨረሻ ተመን ያስተካክላሉ። በመጨረሻ ንዑስ መዝገቦቹ ከዋናው መዝገብ ጋር ይመሳከሩና ፔሬዱ ይዘጋል።

በሳፕ መዝጊያው `OB52` ነው። እዚያ ላይ ፔሬዱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሂሳብ ዓይነት ሊዘጋ ይችላል፤ `K` አቅራቢዎችን፣ `D` ደንበኞችን፣ `S` ዋና መዝገብን ያመለክታል። ስለዚህ `K` ቀድሞ ተዘግቶ `S` ለጥቂት ቀናት ክፍት ሊቆይ ይችላል። ለአክሩዋል ወሳኙ ጊዜ ይህ ነው። አዲስ የአቅራቢ ኢንቮይስ ወደ አለፈው ወር መግባት አይችልም፤ ወጪውን በወሩ ለማስያዝ የቀረው መንገድ በዋናው መዝገብ ላይ የሚሠራ የእጅ ምዝገባ ብቻ ነው።

== አክሩዋል እንዴት ይመዘገባል ==

በአክሩዋል የሂሳብ ዘዴ ወጪ የሚያዘው ገንዘቡ በተከፈለበት ወይም ኢንቮይሱ በመጣበት ቀን ሳይሆን አገልግሎቱ በተሰጠበት ወር ነው። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ወጪው ዴቢት፣ «የተጠራቀመ ተከፋይ ሂሳብ» የሚባለው ዕዳ ደግሞ ክሬዲት ይደረጋል። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ይኸው ምዝገባ ተገልብጦ ይሰረዛል። እውነተኛው ኢንቮይስ ሲመጣ እንደማንኛውም ኢንቮይስ ይመዘገባል፤ ወጪውና ግልባጩ ስለሚጣፉ አዲሱ ወር ያለፈውን ወር ወጪ አይሸከምም። በሳፕ ምዝገባው በ `FBS1`፣ ግልባጩ በ `F.81` ይሠራል። `FBS1` የግልባጩን ቀን አስቀድሞ ስለሚጠይቅ መገልበጡ በሰው ትዝታ ላይ ብቻ አይወድቅም።

የአክሩዋሉ መጠን ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም። ተመዝጋቢ ድርጅት የከፈለውን ታክስ በኢንቮይስ ላይ ተመሥርቶ ስለሚያቀናንስ ታክሱ ለእሱ ወጪ አይደለም፤ የሚያዘውም ኢንቮይሱ ሲመጣ ነው።

== ሲስተሙ በራሱ የሚይዘው ==

ኢአርፒ ሁሉንም አክሩዋል ለሰው አይተውም። በግዢ ትዕዛዝ የተገዛ ዕቃ መጋዘን ሲገባና ገቢው ሲመዘገብ (በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሞዴል 19 ሲቆረጥ እንደሚባለው) ሲስተሙ በዚያው ቅጽበት የዕቃውን ሂሳብ ዴቢት፣ «ገቢ የሆነ ኢንቮይሱ ያልደረሰ» የሚባለውን መሸጋገሪያ ሂሳብ ክሬዲት ያደርጋል። ኢንቮይሱ ሲመጣ መሸጋገሪያው ይዘጋል። ወሩ በመካከል ቢያልቅም ዕዳው መዝገብ ላይ አለ፤ ማንም ማስታወስ አላስፈለገውም።

ይህ የሚሠራው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። የግዢ ትዕዛዝ መኖር አለበት፤ የተረከበው ሰው መረከቡን በሲስተሙ መመዝገብ አለበት፤ ትዕዛዙም ርክክቡ በዋጋ እንዲመዘገብ ሆኖ የተዋቀረ መሆን አለበት። በሳፕ በቀጥታ ለወጪ የሚገዛ ነገር «ያለ ዋጋ ገቢ» ተብሎ ሊዋቀር ይችላል፤ ያኔ ርክክቡ ቢመዘገብም ዋናው መዝገብ ምንም አያውቅም። በኦራክልም የወጪ ግዢዎች ርክክቡ ሲመዘገብ ወዲያው ወይም በወሩ መጨረሻ ብቻ እንዲያዙ መምረጥ ይቻላል። ሁለተኛው ከተመረጠና የወሩ መጨረሻ ፕሮግራም ካልተነሣ አክሩዋሉ አይፈጠርም።

== ለምን ይዘነጋል ==

ዋናው ምክንያት ኢአርፒ የሚያውቀው የተመዘገበ ድርጊትን ብቻ መሆኑ ነው። ዕቃ መጋዘን በር ላይ ሲደርስ የሚቆጥር ሰው አለ። የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የጥብቅና፣ የመብራትና የጥገና አገልግሎት ግን በር ላይ አይራገፍም። ወሩ ሲያልቅ አገልግሎቱ ተሰጥቶ አልቋል፤ በሲስተሙ ውስጥ ግን ይህን የሚመሰክር አንድም መስመር የለም። መረጃው ያለው በአስተዳደር ክፍሉ ኃላፊ እጅ ባለ ውል ላይ ወይም በጥገና ሠራተኛው ስልክ ውስጥ ነው። የሂሳብ ክፍሉ ካልጠየቀ አይሰማም፤ የሚጠይቀው ደግሞ መኖሩን የሚያውቀውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኢንቮይሱ ደርሶም ሊደበቅ መቻሉ ነው። በብዙ ድርጅቶች ኢንቮይስ ሲመጣ በጊዜያዊነት ተቀምጦ የኃላፊ ፈቃድ ይጠብቃል። እንዲህ የተቀመጠ ሰነድ በሲስተሙ ይታያል፤ ነገር ግን ዋናውን መዝገብ አልነካም። የአቅራቢ ሂሳብ ሠራተኛው «አስገብቼዋለሁ» ይላል፤ የሂሳብ ሹሙም ወጪው እንደተያዘ ያስባል። ፈቃዱ ወሩ ከተዘጋ በኋላ ሲመጣ ሰነዱ የሚመዘገበው በአዲሱ ወር ቀን ነው።

ሦስተኛው፣ ስሕተቱ ራሱን በራሱ የሚሸፍን መሆኑ ነው። ይህ በምሳሌ ይታያል።

== ምሳሌ ==

አንድ ድርጅት በየወሩ 2,000,000 ብር ይሸጣል እንበል። ከጥበቃ በቀር ያለው ወጪ 1,550,000 ብር፣ የጥበቃ ውሉ ደግሞ ያለ ታክስ በወር 180,000 ብር ነው። ስለዚህ የየወሩ እውነተኛ ትርፍ 270,000 ብር ነው። የጥበቃ ድርጅቱ የጥርን ኢንቮይስ ያመጣው የካቲት 12 ሲሆን ጥር የተዘጋው የካቲት 5 ነበር። ኢንቮይሱ ከ15 በመቶ ታክስ ጋር 207,000 ብር ይላል።

ትክክለኛው አሠራር ጥር 30 ቀን 180,000 ብር አክሩዋል መዝግቦ የካቲት 1 መገልበጥ ነው። ይህ ተዘንግቶ የየካቲት ወር አክሩዋል ግን ከተያዘ ሁለቱ ወሮች እንዲህ ይወጣሉ፦

* ጥር፦ ወጪ 1,550,000፣ ትርፍ 450,000 ብር።
* የካቲት፦ ወጪ 1,550,000 ሲደመር 360,000፣ ትርፍ 90,000 ብር።

የሁለቱ ወር ድምር 540,000 ብር ስለሆነ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው በየወሩ የቀረበው ዘገባ ነው። ሥራ አስኪያጁ በጥር ደስ ብሎት በየካቲት ሊደነግጥ ይችላል፤ በንግዱ ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም።

ይበልጥ አሳሳቢው አክሩዋሉ በየወሩ ሲዘነጋ ነው። የካቲት የጥርን 180,000፣ መጋቢት የየካቲትን 180,000 ይሸከማል። እያንዳንዱ ወር አንድ የጥበቃ ወጪ ስላለው ትርፉ 270,000 ብር ሆኖ ልክ ይመስላል፤ ወርን ከወር የሚያወዳድር ሰው ምንም አያይም። የጎደለው በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ነው፤ በየወሩ መጨረሻ 180,000 ብር ዕዳ ሳይታይ ያልፋል። ጉድለቱ የሚወጣው ዋጋው ሲቀየር፣ ውሉ ሲቋረጥ ወይም በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። አክሩዋሉ ተይዞ ግልባጩ ቢዘነጋ የጥሩ ወጪ አንዴ በጥር፣ አንዴ ኢንቮይሱ ሲመጣ በየካቲት ይያዛል። ይህን የሚያጋልጠው የተጠራቀመ ተከፋይ ሂሳቡ ነው፤ ኢንቮይሱ ከተመዘገበ በኋላም 180,000 ብር ሳይነቃነቅ ይቀመጣል።

== እንዴት ይታወቃል ==

ኦዲተሮች ያልተመዘገበ ዕዳ የሚፈልጉት ወደ ፊት በማየት ነው፤ ከመዝጊያው በኋላ የተመዘገቡትን ኢንቮይሶችና ክፍያዎች አንድ በአንድ አንሥተው አገልግሎቱ መቼ እንደተሰጠ ይጠይቃሉ። ድርጅቱ ራሱም በየወሩ ይህን ማድረግ ይችላል። የኢንቮይስ ሠንጠረዡ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንን የሚይዝ ከሆነ ጥያቄው አጭር ነው። ከዚህ በታች ያለው የሠንጠረዥና የዓምድ ስም ለምሳሌ የተሰጠ ነው፤ ቀኑ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

```sql
SELECT vendor, invoice_no, net_amount
FROM ap_invoices
WHERE service_end <= '2025-02-07'
  AND posting_date > '2025-02-07';
```

ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ በጥር የአክሩዋል መዝገብ ላይ የሌለው ሁሉ የተዘነጋ ነው። ዘዴው ሁለት ገደብ አለው። አንደኛ፣ የአገልግሎት ቀኑ ብዙ ጊዜ አስገዳጅ ሳይሆን በማብራሪያ ጽሑፍ ውስጥ «የጥር ወር ጥበቃ» ተብሎ ብቻ ስለሚጻፍ በፕሮግራም አይገኝም። ሁለተኛ፣ ኢንቮይሱ እስኪመጣ ድረስ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ የሚያርመው የሚቀጥለውን ወር እንጂ የተዘጋውን አይደለም።

ከመዝጊያው በፊት ሊሠራ የሚችለው በውል የሚሄዱ አገልግሎቶችን በዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን ከወሩ ምዝገባ ጋር ማመሳከር ነው። ዝርዝሩ የወሩን ወጪ ድምር ሳይሆን ወጪው የየትኛው ወር እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ ከላይ በምሳሌው የታየው አንድ ወር እየዘገየ የሚሄድ ወጪ ተሟልቷል ተብሎ ያልፋል። ለአገልግሎቶችም የግዢ ትዕዛዝ ከፍቶ ኃላፊው በወሩ መጨረሻ ርክክቡን እንዲመዘግብ ማድረግ (በሳፕ በ `ML81N`) አክሩዋሉን ሲስተሙ በራሱ ወደሚይዘው ወገን ያሻግረዋል። ያም ሆኖ ኃላፊው በጊዜው ካልመዘገበ ውጤቱ አንድ ነው።

ብዙ ድርጅቶች ከተወሰነ ብር በታች ያለ ወጪ አክሩዋል እንዳይያዝለት ይወስናሉ። ይህ ሥራን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወሰኑ የሚለካው በአንድ ኢንቮይስ ብቻ ከሆነ ብዙ ትንንሽ ኢንቮይሶች ተደምረው ከወሰኑ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ።