የባሕር ጭነት የአገልግሎት ውል

የባሕር ጭነት የአገልግሎት ውል በጭነት ባለቤትና በመርከብ ድርጅት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ባለቤቱ በውሉ ዘመን ቢያንስ ይህን ያህል ኮንቴይነር እጭናለሁ ብሎ ግዴታ ይገባል፤ የመርከብ ድርጅቱ ደግሞ የተወሰነ ዋጋና አገልግሎት ለመስጠት ይስማማል። በአሜሪካ ውሉ በሕግ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የመርከብ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የውሉ ዋና ዋና ነጥቦች ለሕዝብ ይገለጹ ስለነበር፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለ ሌላ ላኪ ያንኑ ዋጋ ይሰጠኝ ማለት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ማሻሻያ ዋጋውን ሚስጥር አደረገው። ውሉ ዛሬም ለፌዴራል የባሕር ኮሚሽን ይቀርባል፣ ነገር ግን ጎረቤት ምን ያህል እንደሚከፍል ማወቅ ስለማይቻል እያንዳንዱ ባለቤት የሚደራደረው ለራሱ ነው።

ከእስያ ወደ አሜሪካ በሚጓዙ ጭነቶች ላይ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚቆይ ሲሆን በግንቦት ወር መጀመሪያ አካባቢ ይታደሳል። ባለቤቱ በድርድሩ የሚይዘው ዋናው ኃይል የጭነት መጠኑ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ ለማስቀነስ ሲባል መጠኑን አግንኖ መናገር አደገኛ ነው፤ ግዴታው ሳይሞላ ሲቀር ለጎደለው እያንዳንዱ ኮንቴይነር በውሉ የተቆረጠ ካሳ ይከፈላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ከሚጠብቁት ጭነት ዝቅ ያለ ቁጥር ይፈርማሉ።

ሌላው ጉዳይ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ከመነሻው ዋጋ በላይ የነዳጅ ማስተካከያ፣ የጭነት መብዣ ወቅት ክፍያ፣ አጠቃላይ የዋጋ ጭማሪና የወደብ መጨናነቅ ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ። የነዳጁ ክፍያ አግባብ ያለው ነው፤ የነዳጅ ዋጋ ከመርከብ ድርጅቱ ቁጥጥር ውጭ ነውና። ክርክሩ በስሌቱ ላይ ነው። ለምሳሌ በውሉ የነዳጅ መነሻ ዋጋ በቶን 550 ዶላር፣ የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የነዳጅ ድርሻ ደግሞ 0.8 ቶን ተብሎ ቢጻፍ፣ ነዳጁ 650 ዶላር ሲገባ ጭማሪው 80 ዶላር ይሆናል። ዋጋው ሲወርድም በዚያው ስሌት እንዲቀነስ መጻፍ አለበት። ስሌቱ በውሉ ውስጥ ካልገባና «ድርጅቱ በሚያወጣው ታሪፍ መሠረት» ብቻ ከተባለ፣ ባለቤቱ የተስማማው ባልታወቀ ዋጋ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የቤት ዕቃ አስመጪ በዓመት 500 ኮንቴይነር አመጣለሁ ብሎ ያስባል እንበል። የመጀመሪያው ድርጅት በኮንቴይነር 1,700 ዶላር ይጠይቃል፤ የ500 ኮንቴይነር ግዴታ፣ ለጎደለው በእያንዳንዱ 300 ዶላር ካሳ፣ የወቅት ክፍያም የማስከፈል መብት ይፈልጋል። ሁለተኛው 1,850 ዶላር ይላል፤ ግዴታው 400 ብቻ ነው፣ ከነዳጅ በስተቀር ሌላ ጭማሪ የለም። በሁለቱም የነዳጁ ስሌት አንድ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የመጣው 430 ኮንቴይነር ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም 180ዎቹ 500 ዶላር የወቅት ክፍያ በተጣለባቸው ወራት ተጫኑ። በመጀመሪያው ውል የመነሻው ዋጋ 731,000፣ የወቅቱ ክፍያ 90,000፣ የጎደሉት 70 ኮንቴይነሮች ካሳ 21,000 ሲደመር 842,000 ዶላር ይሆናል። በሁለተኛው 795,500 ነው። በወረቀት ላይ ርካሽ የነበረው ውል በ46,500 ዶላር በለጠ።

ይህ ስሌት ግን ድርጅቱ ቦታ መስጠቱን ታሳቢ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የገበያው የዕለት ዋጋ ከውል ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲሆን፣ ውል የያዙ በርካታ ባለቤቶች የተስማሙበትን ቦታ እንዳላገኙ በመግለጽ አቤቱታ አሰምተዋል። ብዙ ውሎች የባለቤቱን ግዴታ በዓመት ድምር ብቻ ያሰፍሩ ነበር፤ ድርጅቱ በየሳምንቱ ስንት ቦታ እንደሚሰጥ ግን አልጻፉም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ የመርከብ ድርጅቶች ያለ በቂ ምክንያት ቦታ መንፈግን ከለከለ፤ ሆኖም የውሉን አንቀጽ አይተካም።

ስለዚህ ሳምንታዊ የቦታ ድርሻ፣ ለምሳሌ በሳምንት 8 ኮንቴይነር፣ መጻፍ ያስፈልጋል። ድርጅቱ ያልተቀበለው ወይም ለሚቀጥለው መርከብ ያሸጋገረው ጭነት ከባለቤቱ ግዴታ ላይ መቀነስ አለበት፤ ካሳውም ለሁለቱም ወገን እኩል ቢሆን ይመረጣል። አንቀጹ የሚሠራው ማስረጃ ሲኖር ነው። ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ የጭነት ትንበያ አስቀድሞ እንዲላክለት ይጠይቃል፤ ትንበያ ያልላከ ባለቤት ቦታ ተነፍጌያለሁ ብሎ መከራከር ይከብደዋል። በመሆኑም የቦታ ጥያቄው የተላከበት ቀንና የተሰጠው እምቢታ በጽሑፍ ይቀመጣሉ፣ ድምሩም በየሦስት ወሩ ከድርጅቱ ጋር ይመሳከራል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከተጠበቀ ግን ድርጅቱ የካሳ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ የባለቤቱ መልስ ቃል ብቻ ይሆናል።

ከአቅም በላይ የሆነ ኃይልን የሚመለከተው አንቀጽም በጥንቃቄ ይነበባል። ጦርነትና የወደብ መዘጋት በዚህ ሥር መግባታቸው የተለመደ ነው። የገበያ ዋጋ መለዋወጥ ወይም የመርከብ እጥረት ግን እንዲገባ ከተፈቀደ፣ ድርጅቱ ውሉ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሊወጣበት ይችላል። በጅቡቲ በኩል የሚያስመጡ ነጋዴዎች በሚገባ የሚያውቁት ዴመሬጅም እንዲሁ የድርድር ጉዳይ ነው፤ ኮንቴይነሩ ያለ ክፍያ የሚቆይበት የቀናት ብዛት ብዙ ጊዜ ከመነሻው ዋጋ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።