በአውራ ጣቱ የተጠለለው ሕፃን

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ወደ አሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ፣ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይወስደናል። ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1919 አልቆ 1920 የገባበት የብርድ ወቅት ነው።

አንድ ሕፃን ፍራሽ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በጥናቱ ላይ የተጻፈው ስሙ አልበርት ነው። እናቱ በዚያው ግቢ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ለሌሎች ልጆች ጡት የምታጠባ ሞግዚት ስለነበረች፣ ከተወለደ ጀምሮ ያደገው እዚያው ነው። ጤናማና ረጋ ያለ፣ እንዲሁ በቀላሉ የማያለቅስ ልጅ ነበር። ዘጠኝ ወር ገደማ ሲሆነው ነጭ አይጥ፣ ጥንቸል፣ ውሻ፣ ዝንጀሮ፣ ሌላው ቀርቶ የሚነድ ጋዜጣ ሳይቀር አሳይተውት አንዱንም አልፈራም። እጁን እየዘረጋ ሊነካቸው ነበር የሚሞክረው።

የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ተገኘ። ከበስተጀርባው፣ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ በመዶሻ ሲመታ ልጁ ክው አለ። ሁለተኛ ሲመታ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ በሦስተኛው ለቅሶውን ለቀቀው። ይህን ድንጋጤ ማንም አላስተማረውም፤ አብሮት የተወለደ ነው።

የሙከራው ባለቤቶች ፕሮፌሰር ጆን ዋትሰንና ተማሪው ሮዛሊ ሬይነር ናቸው። ከእነርሱ በፊት ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሻ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ደጋግሞ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ምራቁን እንደሚያመጣው አሳይቶ ነበር። ይህ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ ይባላል። ዋትሰን ፍርሃትም በዚሁ መንገድ ይመጣ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ።

አልበርት 11 ወር ከ3 ቀን ሲሆነው ነጩን አይጥ ከቅርጫት አውጥተው አቀረቡለት። እጁን ዘርግቶ ገና ሲነካው ብረቱ ከጭንቅላቱ ኋላ ጮኸ። ልጁ ዘሎ ወደ ፊት ተደፋ፤ ፊቱን ፍራሹ ውስጥ ቀበረ። አንዴ ደግመው ለሳምንት ተዉት። በሳምንቱ አምስት ጊዜ አይጡንና ድምፁን ካጣመሩለት በኋላ አይጡን ያለ ምንም ድምፅ አቀረቡለት። አልበርት አለቀሰ፣ ዞረ፣ ወደቀ፤ ከዚያም በአራት እግሩ ተነሥቶ በፍጥነት ዳኸ። ከጠረጴዛው ጫፍ ሊወድቅ ሲል ነው በጭንቅ የያዙት።

ለዚህ ሁሉ የበቃው ሰባት ጊዜ ማጣመር ነው። ከአምስት ቀን በኋላ በመጫወቻ ብሎኮቹ እንደ ወትሮው ተጫወተ፤ ጥንቸል ሲያይ ግን አለቀሰ፣ ውሻውን ሸሸ፣ የፀጉር ካፖርትም ጠላ። የኛ ሰው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ይህንኑ ነው፤ ፍርሃቱ ከአይጡ ተነሥቶ አይጥን ወደሚመስለው ሁሉ ተዛመተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ እኔ ግን ሳስታውሰው ልቤ ይነካል። አልበርት ሲጨንቀው አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል። ጣቱ ከገባ ደግሞ አይጡም ጥንቸሉም አያስፈራውም። ተመራማሪዎቹ ለፊልም ፍርሃቱን ለመቅረጽ ጣቱን ደጋግመው ከአፉ ማውጣት ነበረባቸው። ይህ ሕፃን ያለ አስተማሪ መጠለያ አግኝቶ ነበር፤ ያንኑ መጠለያ ነጠቁት።

ጣት መጥባት ልማድ ነው፤ ልማድ የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ከፓቭሎቭ የተለየ፣ ሁለተኛው የመማር መንገድ ነው። በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተራቡ ድመቶችን በእንጨት ሳጥን ዘግቶ ምግቡን ውጭ አኖረ። ድመቷ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ሳታስበው ገመዱን ትስባለች፤ በሩ ይከፈታል። እየተደጋገመ ሲሄድ መቧጨሩ ይቀርና በቀጥታ ወደ ገመዱ ትሄዳለች። ድርጊቱን ያጸናው ያስከተለው ውጤት ነው። ኋላ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህን ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ ብሎ ሰየመው። ውጤቱ የግድ ምግብ መሆን የለበትም፤ የሚያስጨንቅ ነገር መራቁ ራሱ ክፍያ ነው።

ፎቢያ ዓመታት የሚቆይበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በልጅነቱ የአንድ ግቢ ውሻ የነከሰውን ሰው አስቡ። በዚያ በር በኩል ሲያልፍ ልቡ ይመታል፤ ይህ የፓቭሎቭ ነው። ከዚያ መንገድ ቀይሮ በጓሮ ይዞራል፤ ደረቱ ቀለል ይለዋል። ይህ እፎይታ ለድመቷ ምግቡ የሆነውን ያህል ነው። ነገም ይዞራል፣ ከነገ ወዲያም። ውሻው ታስሮ ይሁን፣ አርጅቶ ጥርሱ ይርገፍ፣ ሰውየው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፍርሃቱን ያመጣው ንክሻው ቢሆንም ጠብቆ ያቆየው መሸሹ ነው። ይህን ሐሳብ በሁለት ደረጃ ያስቀመጠው ኦ. ኤች. ሞረር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ሪቻርድ ሰሎሞንና ባልደረቦቹ ውሾችን፣ መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪክ ሳይነዝራቸው አጥር እንዲዘሉ አስተማሩ። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ቆረጡት። ውሾቹ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ መዝለላቸውን ቀጠሉ፤ እንደተቋረጠ ለማወቅ አንዴ እንኳ ቆመው አላዩም።

በባልቲሞሩ ሙከራ ላይ ግን ሁሉን መጫን አይገባም። አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ከወር በኋላ ሲፈተንም ፍርሃቱ ደብዝዞ ነበር። በ1934 ኤልሲ ብሬግማን ሌሎች ሕፃናትን እንጨትና ጨርቅ እንዲፈሩ ለማድረግ ሞክራ አልተሳካላትም። ሁሉም ነገር እኩል የሚፈራ አይደለም፤ ፀጉር ያለው፣ የሚንቀሳቀስ ነገርን መፍራት ይቀላል። የአልበርትን ፍርሃት ደግሞ ማንም አላነሣለትም፤ እናቱ ይዛው ሄደች። የሚወስዱት ቀን አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና፣ ይህን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ማንሣት እንደሚቻል ያሳየችው የሮዛሊ ወዳጅ ሜሪ ከቨር ጆንስ ናት፤ በኒው ዮርክ፣ በ1924 ባሳተመችው ጥናት። ፒተር የሚባለው ልጅ 2 ዓመት ከ10 ወሩ ነው፤ ጥንቸል፣ አይጥ፣ የፀጉር ካፖርት፣ ጥጥ ይፈራል። መጀመሪያ ጥንቸል ከማይፈሩ ልጆች ጋር እያጫወተች አረጋጋችው። ከዚያ በቀይ ትኩሳት ታምሞ ሁለት ወር ገደማ ተኛ። ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ከነርሷ ጋር ታክሲ ሊገቡ ሲሉ ትልቅ ውሻ ዘለለባቸው። የተሠራው ሁሉ ተመልሶ ከዜሮ ጀመረ።

በሁለተኛው ዙር ሜሪ ፒተርን ከፍ ባለ ወንበር አስቀምጣ የሚወደውን ምግብ ሰጠችው፤ እየበላ ሳለ ጥንቸሉ በሽቦ ቤት ሆኖ ከሩቅ ይገባል። መጀመሪያ የቻለው 4 ሜትር ገደማ ርቀት ነው። በየቀኑ ጥቂት ይቀርባል፤ ልጁ ምግቡን ካቆመ ወደ ኋላ ይመለሳል። መለኪያዋ የልጁ መብላት ነበር። ቸኩላ ብታስጠጋው፣ ፍርሃቱ ወደ ምግቡ ተላልፎ ምግብ ማየትም ሊያስለቅሰው እንደሚችል ታውቃለች። መሸሽ አላስፈለገውም፤ ጥንቸሉ እያለ ምንም አልደረሰበትም፤ ይልቁንም ጣፋጩ አፉ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ጥንቸሉ ከሽቦው ወጣ። ፒተር እየዳሰሰው ጣቶቹን ወደ ጥንቸሉ አፍ ዘረጋ፤ ጥንቸሉም በቀስታ ነከስ ነከስ አደረጋቸው።