ስጋ በሰለ የሚባለው ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው? ጥብስና ክትፎ እኩል አይደሉም

ከአንድ በሬ ስጋ ገዛን እንበል። ግማሹ ሙሉ ሆኖ ሊጠበስ ነው፣ ግማሹ ለክትፎ ተከተፈ። ስጋው አንድ ነው፤ የሚያስፈልገው ሙቀት ግን ይለያያል። ለምን?

ጤነኛ ከብት ሲታረድ ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚመጣው ከቆዳው፣ ከፈርሱ፣ ከቢላዋና ከእጅ ነው። ስለዚህ የሚቀመጠው ስጋው ላይ እንጂ ውስጥ አይደለም። ሙሉ ስጋ ሲጠበስ ደግሞ ቀድሞ የሚግለው ላዩ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ የበሬ ስጋ የሚመክረው መሀሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ፣ ከእሳት ወርዶ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። በነዚያ 3 ደቂቃዎች ሙቀቱ ሥራውን አይተውም።

ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ መሀል ይገባል። ለዚህ ነው የተፈጨ ስጋ 71 ዲግሪ የሚፈልገው። ለብለብ ክትፎ እዚህ አይደርስም።

«ታዲያ ሳይከተፍ ጥሬውን ብንበላስ?» ለምትሉ፦ የኮሶ ትል እጭ የሚቀመጠው ስጋው ውስጥ ነው። እሱን ቢላዋ ማጠብ አያስቀረውም፤ የሚገድለው እስከ መሀል የገባ ሙቀት ነው።

ዶሮ 74 ዲግሪ ነው፣ ሙሉም ሆነ የተፈጨ። ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ፤ ሲታረድና ሲበለት በየቆዳውና በየመገጣጠሚያው ይዳረሳሉ።

ውጭ ሀገር ላላችሁና የአሳማ ስጋ ለምትበሉ፦ ሙሉው እንደ በሬ 63 ዲግሪና 3 ደቂቃ፣ የተፈጨው 71 ነው። የሙሉው ድሮ 71 ነበር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው ዝቅ ያለው።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ከተማችን ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። 93 ከ74 ስለሚበልጥ ዶሮ ወጥ በደንብ ይበስላል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ስለሆነ እስኪለሰልስ ብዙ ይቆያል፣ እስከዚያ መሀሉም ይበስላል። የፈረንጅ ዶሮ ግን ቶሎ ይለሰልሳል፤ በተለይ በረዶው ሳይለቅ ድስት ከገባ፣ ላዩ በስሎ አጥንቱ ጋ ያለው ጥሬ ሊሆን ይችላል።

በቀለም አትፍረዱ። የተፈጨ ስጋ 71 ሳይደርስ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ የምግብ ቴርሞሜትር ነው፦ ጫፉን ወፍራሙ ቦታ መሀል ሰክታችሁ፣ አጥንት ሳያስነኩ ታነባላችሁ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የዶሮውን ጭን ከመገጣጠሚያው ክፈቱት፤ ስጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ካልለቀቀ ወደ ድስቱ ይመለስ።