አር ኤም ኤ፦ የዕቃ መመለሻ ፈቃድ

አሜሪካ ውስጥ ከጅምላ አከፋፋይ የሚገዛ ነጋዴ የተሳሳተ ዕቃ ደርሶት ሲደውል፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠየቀው «አር ኤም ኤ አለህ?» ተብሎ ነው። በአማርኛ «የዕቃ መመለሻ ፈቃድ» ቢባል ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ገዢው ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ሻጩ። ፈቃዱ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ ብዙ መጋዘኖች ዕቃውን አይረከቡም።

ፈቃዱ የሚፈቅደው ግን መመለሱን ብቻ ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀው መጋዘኑ ዕቃውን ተቀብሎ ካየ በኋላ ነው።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት የካፌ ባለቤት እያንዳንዱን በ60 ዶላር 10 ካርቶን ባለ 12 አውንስ የወረቀት ኩባያ አዘዘች እንበል። ስትከፍተው 4ቱ ካርቶን ባለ 16 አውንስ ሆኖ ተገኘ። የሚመለሰው የ240 ዶላር ዕቃ ነው፤ ትክክለኛዎቹን 6 ካርቶኖች ማስቀረት ትችላለች።

ከመደወሏ በፊት የግዢ ማዘዣዋን፣ ከዕቃው ጋር የመጣውን ዝርዝርና የክፍያ መጠየቂያውን ጎን ለጎን ታያለች። ሦስቱም 12 አውንስ ካሉ የተሳሳተው ከመደርደሪያ ያነሳው ሠራተኛ ነው። ማዘዣው 12 ብሎ ሁለቱ የሻጩ ወረቀቶች 16 ካሉ፣ ስህተቱ ትእዛዙ ሲመዘገብ የተፈጠረ ነው። ማዘዣው ራሱ 16 ካለ ግን ጥፋቱ የራሷ ስለሆነ ንግግሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚያ የካርቶኑን መለያ ጽሑፍና የውስጡን ኩባያ ፎቶ አንስታ ወዲያው በጽሑፍ ታሳውቃለች። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሠራበት የንግድ ሕግ፣ ዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ፣ ገዢው ያልተስማማበትን ዕቃ በተገቢ ጊዜ ውስጥ አሳውቆ እንዲመልስ ይፈቅዳል። ዝም ብላ ከቆየች፣ ወይም ቸኩላ ኩባያዎቹን መጠቀም ከጀመረች ግን እንደተቀበለች ሊቆጠርባት ይችላል። ሻጩም የማስረከቢያው ጊዜ ካላለፈ ትክክለኛውን ልኮ ስህተቱን የማረም መብት አለው።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው የመመለሻውን ምክንያት ሲሞሉ ነው። «አያስፈልገኝም» የሚለው ከተመረጠ ዕቃውን ወደ መደርደሪያ የመመለሻ ክፍያ ሊታሰብ ይችላል፤ 15 በመቶ ቢሆን ከ240 ዶላሩ 36ቱ ይቀነሳል፣ የማጓጓዣውም ወጪ በገዢዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «የተላከው የተሳሳተ ዕቃ ነው» የሚለውን መርጣ፣ የመላኪያው ወጪ በሻጩ እንዲሸፈን ቀድማ በጽሑፍ ማስፈር ይገባታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አከፋፋዮች ብዙውን ጊዜ ጥሬ ገንዘቡን ከመመለስ ይልቅ ለቀጣይ ግዢ የሚታሰብ ሒሳብ መስጠት ይቀናቸዋል። ሌላ ትእዛዝ የሌላት ባለቤት 240 ዶላሩ በከፈለችበት ካርድ ወይም የባንክ ሒሳብ እንዲመለስላት ፈቃዱን ስትጠይቅ ጨምራ ትጽፋለች።